አገጬን ማን ደረበው?

መታወቂያዬ ላይ ያለው ሰውዬ ሁለት አገጭ አለው። እኔ ያለኝ አንድ ነው፤ ጠዋት ጠዋት የምላጨው እኔ ስለሆንኩ አውቀዋለሁ። የጁቤ ውስጥ ካርዱን ያየ ሁሉ ግን «አሃ፣ ደልቶሃል!» ይለኛል። ደልቶሃል መባል በእኛ አገር ስድብ አይደለም። ችግሩ ተከታይ አለው፤ የዕቁብ ዋስትና፣ የሠርግ መዋጮ፣ እህል ሲገባ የሚመለስ ብድር።

ነገሩን ሳሰላስለው ጥፋቱ የስቡ ሳይሆን የጠረጴዛው ነው። ፎቶ ያነሳኝ ታብሌት ጠረጴዛ ላይ ተደግፎ፣ ከደረቴ ትይዩ ሆኖ ወደ ላይ አንጋጦ ያየኝ ነበር። ከታች ለሚያይ ዓይን ደግሞ መንጋጋና ጉሮሮ የሚለያዩበት ድንበር ይጠፋል፤ ሁለቱም አንድ ሜዳ ይሆናሉ። በዚያ ላይ ቅርበቱ አለ። ካሜራው ከአገጬ 35 ሳንቲ ሜትር፣ ከግንባሬ ደግሞ 50 ሳንቲ ሜትር ቢርቅ፣ አገጬ ከግንባሬ አንፃር 40 በመቶ ያህል ተልቆ ይወጣል። ፎቶ አንሺው አንድ ሜትር ተኩል ራቅ ብሎ ቢያነሳኝ ኖሮ ልዩነቱ 10 በመቶ ግድም ነበር።

ይህ ሳያንስ «ቀና ይበሉ ጋሼ!» አለኝ። ቀና በል ሲባል የእኛ ሰው የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ ተማሪ ሳለን ባንዲራ ሲሰቀል የቆምነውን ተጠንቀቅ። ደረት ይነፋል፣ ራስ ወደ ኋላ ይሸሻል። ራስ ወደ ኋላ ሲሸሽ ከአገጭ እስከ ጉሮሮ ያለው ቆዳ መሄጃ ያጣና ይታጠፋል። የቀጨጨም ሰው ይታጠፍበታል። ላላመነ፣ ጣቱን ከአገጩ ሥር ያድርግና ራሱን ወደ ማጅራቱ ይሳብ፤ እጥፋቱ ጣቱን ይነካዋል። ቀጥሎ ከቅርፊቷ እንደምትወጣ ኤሊ ግንባሩን ወደ ፊት ገፋ፣ አገጩን ጥቂት ዝቅ ያድርግ፤ እጥፋቱ ይጠፋል። ፒተር ኸርሊ የሚባል የኒውዮርክ ፎቶ አንሺ ይህንኑ በቪዲዮ እያስተማረ ስሙን አስጠርቶበታል። ከጎን ለሚያይ ያስቃል፤ ከፊት ለሚያነሳ ካሜራ ግን የአንገቱ መርዘም አይታይም፣ የሚታየው የመንጋጋው መስመር ብቻ ነው። ካሜራው ከዓይን ትንሽ ከፍ ቢል፣ መብራቱም ከላይ ቢመጣ፣ የመንጋጋው ጥላ አንገት ላይ ወድቆ ቀሪውን ይሸፍናል።

ማዕዘን እንዲህ ሰው የሚያከብርና የሚያዋርድ መሆኑን የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን ቀድመው አውቀውታል። ጻድቁን ሁለት ዓይኑ እንዲታይ አድርገው ወደ እኛ ያዞሩታል፤ ኃጥኡን በጎኑ፣ በአንድ ዓይኑ ይስሉታል። ቅዳሴ ቆሜ ይህን ሳይ ልቤ ይሰረቃል፦ በጎኑ የተሳለ ሰው መንጋጋው ጥርት ብሎ ይታያል! ከግድግዳው ሁሉ ያማረ አገጭ ያለው ይሁዳ ሆኖ ያርፈዋል። ቅዱሳኑ ግን አንገታቸው ላይ ሁለት ሦስት መስመር ተሰምሮላቸዋል። እናቶቻችንስ ያንኑ መስመር በንቅሳት አንገታቸው ላይ ሲያስደረድሩ የኖሩ አይደሉም? በዚህ ስሌት መታወቂያዬን ይዤ ከጻድቃን ወገን ነኝ፤ ለብድር ጠያቂዎቼ ግን ይህን ማስረዳት አልቻልኩም።

እዚህ ላይ ቀልዱን ላቁም። ከእኔ ፊት ፎቶ የተነሱት፣ ከዓባይ በረሃ በኩል በሌሊት ተነስተው የመጡ አሮጊት ነበሩ። አንሺው ነጠላቸውን ከራሳቸው አስወርዶ «ቀና ይበሉ» ሲላቸው ደንግጠው አንገታቸውን ሰበሰቡ፤ ያ ያማረ ንቅሳት እጥፋት ውስጥ ገባ። ምስሉን አይተው «ይህቺ ደግሞ ማን ናት?» አሉ። «እርስዎ ነዎት እማማ። ቀጣይ!» ቀጣይ? ከታብሌቱ አጠገብ ያልተከፈተ የወረቀት ደስጣ ተቆልሎ ነበር! አራቱን ከሥሩ ቢያነባብር ካሜራው ወደ ዓይናቸው ይቀርብ ነበር። ሴትዮዋ ዓመታት የሚይዙት ፊት ነው። አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ ፊት ሲያነሳ ውሎ አንድም ፊት አያይም? ቀና በሉ እያለ አገር ምድሩን አገጭ ሲያስደርብ፣ እሱ ራሱ ከስክሪኑ አንዴ ቀና አላለም። አንገት ደፊ አገር አጥፊ ያሉት ለእንዲህ ያለው ይሆን?

ደግሞ እሱስ ምን ያድርግ፤ ሰልፉ በሩን አልፎ ግቢው መሃል ደርሶ ነበር።

የሞጣዋ አክስቴ ይህ ሁሉ አያገኛትም። በቪዲዮ ስትደውል ስልኩን ግንባሯ ላይ ስለምትደግነው አገጯን ካየሁ ቆይቻለሁ፤ የማየው ሽበቷንና ጣሪያዋን ነው። ባለፈው «አክስቴ፣ ዝቅ አድርጊው» ስላት «ምኑን ልጄ?» ብላ ጭራሽ ወደ ላይ አዞረችው። አንደኛው ቆርቆሮ ሚስማሩ ለቋል። ክረምት ሳይገባ መመታት አለበት፤ ልጇ እዚያው ሞጣ እያለ ግን እኔ ከየጁቤ መሄዴ ነው?