የተጋደመው መስመር

ሰሌዳ ላይ የተጋደመ መስመር አይቶ የማይሸነፍ ተማሪ ጥቂት ነው። መምህሩ ስድስት ካርቦን ከግራ ወደ ቀኝ ያጋድማል፤ ከሁለተኛው ሥር ሁለት ካርቦን ቁልቁል ያንጠለጥላል፤ ከአምስተኛው ሥር ደግሞ አንድ። ከዚያ ዞር ብሎ «ሎንገስት ቼይኑን ፈልጉ» ይላል። ክፍሉ አይፈልግም፤ ይቆጥራል። የሚቆጥረውም የተጋደመውን ነው። ጠመኔ የያዘው ሰው ያጋደመው ዋና ግንድ፣ ያንጠለጠለው ቅርንጫፍ ሆኖ ይቀራል።

```
CH3-CH-CH2-CH2-CH-CH3
    |          |
    CH2        CH3
    |
    CH3
```

በየደብተሩ የሚሰፍረው መልስ «2-ኢታይል-5-ሜታይልሄክሴን» ነው። ሲያዩት ምንም የጎደለው አይመስልም። ቁጥሩ፣ ሰረዙ፣ ቅደም ተከተሉ ሁሉ ቦታ ቦታውን ይዟል። የሚያሳዝነው፣ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የተደረገው ገና ከመነሻው ለተሳሳተ ቆጠራ መሆኑ ነው።

ሞለኪዩሉ አራት ጫፍ አለው፤ አራቱም CH3 ናቸው። ከአንዱ ጫፍ ተነስቶ ሌላው ጫፍ ለመድረስ ስድስት የተለያዩ መንገዶች አሉ። በጣት እየተከተሉ ካርቦናቸውን ቢቆጥሩ 3፣ 4፣ 6፣ 6፣ 7 እና 7 ይመጣል። ተማሪው ከስድስቱ አንዱን ብቻ አይቶ ፈረደ፤ እሱም አጭር ሆኖ ተገኘ። ረጅሙ መንገድ የሚጀምረው ማንም ካልፈለገው ከታችኛው የግራ ጫፍ ነው። ወደ ላይ ሁለት ካርቦን ይወጣል፣ ወደ ቀኝ ይታጠፋል፣ እስከ መጨረሻው ይሄዳል፤ ሰባት ካርቦን። ስለዚህ ግንዱ ሄክሴን ሳይሆን ሄፕቴን ነው። ሰባት ካርቦን ያላቸው መንገዶች ሁለት የሆኑት በቀኝ በኩል ቀጥ ብሎ መሄድም ወደ ታች መታጠፍም እኩል ስለሚያደርስ ነው፤ የትኛውም ቢመረጥ ስሙ አይለወጥም።

እዚህ ላይ የሹመት ለውጥ ይደረጋል። ከላይ በግራ በኩል ተጋድሞ ራሱን እንደ ሰንሰለቱ መጀመሪያ ይቆጥር የነበረው CH3 ወርዶ ተራ የሜታይል ቅርንጫፍ ይሆናል፤ ኢታይል ተብሎ የተናቀው ደግሞ የግንዱ አካል ይሆናል። ሞለኪዩሉ ስለዚህ ሁሉ ክብርና ውርደት የሚያውቀው ነገር የለም። ነጠላ ትስስሮቹ ዙሪያቸውን ይሽከረከራሉ፤ ፈሳሹ ውስጥ አንድም ካርቦን እንደ ሰሌዳው ቀጥ ብሎ አይጋደምም። ቀጥታው መስመር የጠመኔው እንጂ የካርቦኑ ጠባይ አይደለም።

ግንዱ ከተገኘ በኋላ ሁለተኛው ፍቅራችን ብቅ ይላል፤ ከግራ መጀመር። ከግራ ወደ ቀኝ የምንጽፍ ሰዎች ስለሆንን ካርቦንም ከግራ ይጀምር ይመስለናል። ሰባቱን ካርቦን አግኝቶ የተደሰተው ተማሪ ከዚያው ከታችኛው የግራ ጫፍ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ይልና ሜታይሎቹን 3 እና 6 ላይ ያስቀምጣቸዋል። ከቀኝ ቢጀምር 2 እና 5 ላይ ያገኛቸው ነበር። ሕጉ ቁጥር የሚጀመረው ለቅርንጫፎቹ ትንሹን ቁጥር ከሚሰጠው ጫፍ ነው ይላል፤ 2 ከ3 ያንሳል፤ ስሙም 2,5-ዳይሜታይልሄፕቴን ነው። ከዚህ በላይ ክርክር የለውም።

ክርክር ግን አይጠፋም። አንድ የጎረቤቴ ልጅ ወረቀቱ ላይ ያለውን ቀይ ምልክት እያሳየ ለመምህሩ ያለውን ነግሮኛል። «ቲቸር፣ እኔ ከጻፍኩት ስም ተነስተው ቢሥሉት እኮ ያው ራሱ ሞለኪዩል ነው የሚወጣው! ታዲያ ምን አጠፋሁ?» መምህሩ «ሕጉን አጥፍተሃል» ብለው አለፉት። ልጁ ተናደደ፤ እኔም በከፊል አዘንኩለት፤ ምክንያቱም ያለው እውነት ነው። «2-ኢታይል-5-ሜታይልሄክሴን» ተብሎ የሚሣለው ነገር ከ2,5-ዳይሜታይልሄፕቴን በአንድ አቶም እንኳ አይለይም። ሁለቱም C9H20 ናቸው፤ አያያዛቸውም አንድ ነው።

መልሱ ያለው ከሰሌዳው ሳይሆን ከመዝገቡ ነው። ለእንግዳ ቤት ስንጠቁም አንዱ ከቤተ ክርስቲያኑ፣ ሌላው ከዳቦ ቤቱ ተነስቶ ቢነግረው ሁለቱም ያደርሱታል። ያንኑ ቤት በሁለት አድራሻ ሁለት ጊዜ የሚመዘግብ ጸሐፊ ግን ሁለት ቤት ያለ ይመስለዋል። ኬሚስቶች የደረሰባቸው ይኸው ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን አዲስ ውህድ የሠራ ሁሉ የመሰለውን ስም ያወጣ ስለነበር፣ አንዱ ውህድ በብዙ ስም ይጠራ፣ መዝገብ ውስጥ ገብቶም ይጠፋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1892 ከዘጠኝ አገሮች የተውጣጡ 34 ኬሚስቶች በፈረንሳዊው ሻርል ፍሪዴል ሰብሳቢነት ጄኔቭ ላይ የተቀመጡት በዚህ የተነሳ ነው። ረጅሙን ሰንሰለት መነሻ ማድረግም ከዚያ ስብሰባ የወጣ ነው። በሞለኪዩል ቀመሩ C9H20 የሚባል አልኬን 35 ዓይነት አያያዝ አለው። ሠላሳ አምስቱም እያንዳንዳቸው አንድ፣ አንድ ብቻ ስም ካልያዙ፣ የጎረቤቴ ልጅ ውህድ ሠላሳ ስድስተኛ ሆኖ ሊመዘገብ ነው።

አሁን ወደ አስጠኚዎቹ ልለፍ። አስጠኚ የሚከፈለው ዘዴ እንዲያወጣ ነው፤ ለቁጥር አሰጣጥም ዘዴ አለው፤ «ከሁለቱም ጫፍ ቆጥረህ ደምራቸው፤ ድምሩ ያነሰው ነው ትክክሉ።» ከላይ ባየነው ምሳሌ 2 እና 5 ሰባት፣ 3 እና 6 ዘጠኝ ይሆናሉ፤ ድምሩ ትክክል ፈረደ። ተማሪው በሌላ ጥያቄ ይሞክረዋል፤ አሁንም ይሠራል። በሌላም ይሠራል። እንዴት አይሠራ! ቅርንጫፎቹ ሁለት ብቻ እስከሆኑ ድረስ ድምሩ ፈጽሞ አይሳሳትም፤ በትንሽ አልጀብራ ማረጋገጥ ይቻላል። ሐሰተኛ ሕግ ይህን ያህል ዕድሜ ያገኘው የደብተር ጥያቄዎች አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ቅርንጫፍ ስላላቸው ይመስለኛል።

ሦስተኛው ቅርንጫፍ ሲመጣ ነው ጉዱ የሚፈላው። አሥር ካርቦን ያለው ቀጥ ያለ ግንድ ውሰዱና ከአንዱ ጫፍ ሲቆጠር 2፣ 7 እና 8 ላይ ሜታይል አንጠልጥሉ። ከሌላው ጫፍ ሲቆጠር እነዚያው ሜታይሎች 3፣ 4 እና 9 ላይ ይገኛሉ። ድምሩ በመጀመሪያው 17፣ በሁለተኛው 16 ነው። በአስጠኚው ዘዴ የሄደ ሰው 3,4,9-ትራይሜታይልዴኬን ብሎ ይጽፍና ያጨበጭባል። ትክክለኛው ስም ግን 2,7,8-ትራይሜታይልዴኬን ነው። ሕጉ መደመርን አያውቅም። ሁለቱን የቁጥር ረድፎች ጎን ለጎን ያስቀምጣል፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ጥንድ ጥንዱን ያነጻጽራል፣ መጀመሪያ የተለያዩበት ቦታ ላይ ትንሹን የያዘው ይመረጣል። 2 ከ3 አነሰ፤ ነገሩ እዚያው አለቀ። ከዚያ በኋላ ያሉት 7 እና 8 የቱንም ያህል ቢተልቁ አይጠየቁም። ይህን ለአስጠኚ መንገር ግን ቀላል አይደለም፤ ዘዴውን የሸጠው ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ ነውና።

የፊደል ቅደም ተከተሉንም ነገር በአጭሩ ልንካው። የተለያዩ ቅርንጫፎች ሲኖሩ ስማቸው በላቲን ፊደል ተራ ይጻፋል፤ ኢታይል ከሜታይል ይቀድማል፤ ዳይና ትራይ የሚሉት ቁጥር ነጋሪዎች ደግሞ አይቆጠሩም። በእኛ ሀሁ ቢሆን ኖሮ መ ከአ ቀድማ ሜታይል በተቀመጠ። ተማሪው ግን በላቲኑም በሀሁም አይደለም የሚሄደው፤ በቁጥሩ ነው። ትንሹን ቁጥር የያዘውን ያስቀድምና «2-ሜታይል-3-ኢታይል» ይላል። ቁጥሩ የቅርንጫፉን ቦታ እንጂ የወረፋውን ተራ አይናገርም።

ተማሪው ላይ ብቻ እንዳልስቅ ግን ሕግ አውጪዎቹን ራሳቸውን ልታዘብ። የቤንዚን ጥራት የሚለካበትን የኦክቴን ቁጥር ሁሉም ሰምቷል። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አሜሪካዊው ኬሚስት ግራሃም ኤድጋር ሞተር የማያንኳኳውን አንዱን ውህድ 100፣ ክፉኛ የሚያንኳኳውን ሄፕቴን ደግሞ 0 እንዲባል ሐሳብ አቀረበ። ያ የመቶ ነጥብ ባለቤት «አይሶኦክቴን» ይባላል። ኦክቴን መባሉ ስምንት ካርቦን ስላለው ነው፤ ስምንት ካርቦን ያላቸው አልኬኖች ግን 18 ናቸው። «አይሶ» የሚለው ቅጥያም በጥንቱ ልማድ የሚገባው ከጫፍ ሁለተኛው ካርቦን ላይ አንድ ሜታይል ብቻ ላለው፣ ማለትም ለ2-ሜታይልሄፕቴን ነበር፤ የዚያ የኦክቴን ቁጥር ደግሞ 30 እንኳ አይሞላም። በሕጉ ቢጠራ የመቶ ነጥቡ ባለቤት ግንዱ አምስት ካርቦን ብቻ ነው፤ ስሙ 2,2,4-ትራይሜታይልፔንቴን። ከሌላው ጫፍ ሲቆጠር 2,4,4 ይመጣል፤ መጀመሪያ 2 ከ2 እኩል ናቸው፤ ቀጥሎ 2 ከ4 ያንሳል፤ ስለዚህ 2,2,4። ጠርሙሱ ላይ ግን ዛሬም አይሶኦክቴን ተብሎ ይጻፋል፤ የሚጽፉትም ተማሪውን በሰረዝና በነጠላ ሰረዝ የሚቀጡት ሰዎች ናቸው። ያቺ ቀይ እስክሪብቶ ጠርሙሱ ጋ ስትደርስ ቀለም ትጨርሳለች።

እስኪስተካከሉ መጠበቅ ነጥብ ያስጥላል። ስለዚህ፣ ውድ ተማሪ፣ ወረቀቱን ከማስረከብህ በፊት የጻፍከውን ስም አንድ ጊዜ እየው። አልኬን ላይ 1-ሜታይል፣ 2-ኢታይል ወይም 3-ፕሮፓይል ካየህ ረጅሙን ሰንሰለት አላገኘኸውም ማለት ነው፤ ቅርንጫፍ ያልከው ከጫፉ ይልቅ ረዝሟል። ከሌላው ጫፍ ስትቆጥርም ያው ነው። እንዲህ ያለ ስም ካገኘህ ሥዕሉን ወረቀቱ ላይ አዙረውና ከእያንዳንዱ CH3 ተነስተህ እንደገና ቁጠር።