ለማይሳሳተው ቆጣሪ የቀረበ አቤቱታ

ለ፦ ውሃና ፍሳሽ መሥሪያ ቤት፣ ለየቅርንጫፉ
ጉዳዩ፦ ቆጣሪን መጠርጠርን ይመለከታል

ከሁሉ አስቀድመን ይቅርታ እንጠይቃለን፤ ቆጣሪያችሁን ጠርጥረናል። ይህ ቀላል ድፍረት እንዳልሆነ እናውቃለን። ቅርንጫፍ ቢሮ ሄዶ «ቢሉ በዛብኝ» ያለ ደንበኛ በመስኮቱ በኩል የሚያገኘው መልስ አንድ ነው፦ «ቆጣሪው የቆጠረው ነው፤ መጀመሪያ ይክፈሉ፣ ከዚያ ያመልክቱ።» የሰው ልጅ ይሳሳታል፣ ሲስተም ይቋረጣል፣ ፋይል ይጠፋል፤ ያ ከአጥር ሥር በጭቃ የተቀበረው፣ ክዳኑ የተገነጠለው፣ መስታወቱ በውስጡ ላብ ያጠመቀው የናስ ዕቃ ግን አይሳሳትም። እኛም በእምነት ጉዳይ ከማንም ጋር አንጣላም። የሚያስቸግረን የማስረዳት ሸክሙ የተጣለበት ቦታ ነው። ቆጣሪው የእናንተ ነው፣ በሽቦና በእርሳስ ያሸጋችሁት እናንተ ናችሁ፣ ደንበኛው ማኅተሙን ቢነካ የሚቀጣውም በእናንተው ደንብ ነው። ሊከፍተው በተከለከለው ዕቃ ሆድ ውስጥ ያለውን ጥፋት እንዲያስረዳ የሚጠየቀው ግን እሱ ነው። መክፈት አይችልም፣ ባያይም ይመረጣል፤ እንዲያው በመንፈስ ይረዳው።

ነገሩን በአንድ ቢል እንየው። አራት ሰው የሚኖርበት ቤት ነው እንበል። የጥቅምት ቢል 9 ሜትር ኪዩብ ይላል፤ የኅዳር 9፣ የታኅሣሥ 9፣ የጥርም 9። የካቲት ላይ 34 ሆነ። ደንበኛው «ቆጣሪው አብዷል» ይላል፣ መሥሪያ ቤቱ «ፍጆታዎ ጨምሯል» ይላል፣ ክርክሩም በ34ቱ ላይ ይጋጋላል። የሚያስደንቁት ግን አራቱ 9ዎች ናቸው። በጾሙ 9፣ በጥምቀቱ 9፣ እንግዳ በከረመበት 9፣ ውሃ ሳምንት በጠፋበትም 9! እንዲህ በሥርዓት የሚጠጣና የሚያጥብ ቤተሰብ ቢገኝ ኖሮ ለሌላው አርአያ ሆኖ በተሸለመ ነበር። እውነቱ ግን አራት ወር ሙሉ የዚያን ቆጣሪ ክዳን ያነሣ እጅ አልነበረም፤ በሩ ተዘግቶ ነበር፣ ውሻ ነበረ፣ ቀኑ መሽቶ ነበር፣ ስለዚህ በግምት ተጻፈ። በአምስተኛው ወር አንድ ትጉህ አንባቢ መጥቶ ቆጣሪው ላይ ያለውን ቁጥር እንዳለ ወሰደው። ቤቱ በእውነት የሚጠቀመው በወር 14 ከሆነ፣ በአምስት ወር 70 ይሆናል፤ 36ቱ በግምት ተከፍሎበታል፣ የቀረው 34 በአንድ ወር ጀርባ ላይ ተጫነ። እዚህ ላይ ቆጣሪው አንዳች ጥፋት የለበትም። ምስኪኑ ዕቃ አምስት ወር ሙሉ እውነቱን ይዞ የሚሰማው አጥቶ ነበር።

«ታዲያ የተጠቀመውን ውሃ ከፈለ፤ ምን ጎደለበት?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ያለው ታሪፉ ውስጥ ነው። የውሃ ታሪፍ እንደ ደረጃ ይወጣል፦ ትንሽ የተጠቀመ ርካሽ ይከፍላል፣ ፍጆታው በጨመረ ቁጥር ተጨማሪው ውሃ በውድ ይሸጣል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ድሀውን ያግዛል፣ አባካኙን ይቀጣል። ለሒሳብ እንዲመች እኛው በፈጠርነው ዋጋ እንሥራው፦ የመጀመሪያው 10 ሜትር ኪዩብ እያንዳንዱ 5 ብር፣ ከ10 እስከ 20 ያለው 10 ብር፣ ከ20 በላይ ያለው 20 ብር ይሁን። በየወሩ በትክክል ቢነበብ ኖሮ 14 ሜትር ኪዩብ 90 ብር ነው፤ የአምስት ወሩ 450 ብር። በተደረገው መንገድ ግን አራቱ 9ዎች እያንዳንዳቸው 45 ብር ሆነው 180፣ የየካቲቱ 34 ደግሞ 430፣ በድምሩ 610 ብር ይመጣል። ውሃው ያው 70 ሜትር ኪዩብ ነው፤ 160ው ብር የተከፈለው አንባቢው ላልመጣባቸው ወራት ነው። የደንበኛው ድንጋጤ ከየት እንደመጣም ከዚሁ ይታያል፦ የየካቲቱ ቁጥር ከቀድሞው አራት እጥፍ እንኳ አልሞላም፣ ብሩ ግን ከዘጠኝ እጥፍ አልፏል። ለአባካኝ የተሰናዳው ቅጣት የቤቱ በር ተቆልፎ በተገኘ ሰው ላይ ወረደ። በአገራችን ላለመምጣት ክፍያ የሚጠየቅበት ሌላ አገልግሎት ካለ ብንሰማ ደስ ይለናል።

አሁን ወደ ቆጣሪው ራሱ እንምጣ፤ እሱም ቢሆን መልአክ አይደለምና። የመሥሪያ ቤቱ ባለሙያዎች «ቆጣሪ ሲያረጅ አሳንሶ ይቆጥራል እንጂ አያበዛም» ይላሉ። ለዚህ ተገቢውን ክብር እንሰጣለን፤ በአብዛኛው እውነት ነው። በየቤቱ የሚተከለው ተራ ቆጣሪ የሚቆጥረው ውሃው የሚያዞራትን ትንሽ የፕላስቲክ ዘዋሪ ዙር ነው፤ ዘዋሪዋ ስታረጅ ትዳከማለች፣ ቀጭን ፍሰትም ሳትቆጥረው ያልፋታል። ግን ያቺው ዘዋሪ የሚያዞራት ውሃ ይሁን ነፋስ አትጠይቅም። በፈረቃ በሚኖር ሰፈር ውሃው ሲሄድ ቧንቧው ባዶ ይቀራል፣ ነፋስ ይሞላዋል። ሌሊት ላይ ውሃው ሲመለስ ያንን ነፋስ እየገፋ ይመጣል፤ ቧንቧው የሚያፏጨው፣ የሚያስለውና የሚተፋው ያኔ ነው። ነፋስ ቀላል ስለሆነ ዘዋሪዋ ከውሃው ይልቅ በፍጥነት ትበርርለታለች። ቤተሰቡ ባልዲ ይዞ ፉጨት ይሰማል፣ ቆጣሪው ፉጨቱን በሜትር ኪዩብ ይመዘግባል። ሁለተኛው አሸዋ ነው። የመንገድ ቧንቧ ተሰብሮ ከተጠገነ በኋላ የሚመጣውን ያን ድፍርስ ውሃ የማያውቅ የለም። ደለሉ ውሃው ዘዋሪዋን ከሚመታባቸው ቀዳዳዎች ከፊሎቹን ሲደፍን፣ ያው ውሃ በቀሩት ይወረወራል፤ የጎማ አፍ በአውራ ጣት ሲያዝ ውሃው እንደሚፈተለክ ማለት ነው። ዘዋሪዋም ከልኩ በላይ ትሽከረከራለች። ለእውነት ስንል የእኛንም ወገን እንገሥጽ፦ የነፋሱ መጠን በባዶው ቧንቧ ስፋት የተወሰነ ነው፣ አሸዋውም ቢሆን ልኩን ያዛባል እንጂ 9ኙን 34 አያደርገውም። ቢል በጥቂቱ እየከበደ ለወራት ከሄደ እነዚህን መጠርጠር ነው፤ በአንድ ወር ከዘለለ አስቀድሞ ንባቡን ማየት ይሻላል። ለማየት ደግሞ ደቂቃ አይፈጅም። ቢሉ ላይ የተጻፈው የአሁን ንባብ ዛሬ ቆጣሪው ላይ ካለው ጥቁር ቁጥር ከበለጠ፣ አንባቢው ወደ ፊት የማየት ጸጋ ተሰጥቶታል ማለት ነው።

«ከቆጣሪው ወዲህ ያለው ፍሳሽ የደንበኛው ዕዳ ነው» የሚለው ከመልሶቹ ሁሉ ጠንካራው ነው፤ በእሱ ላይ አናፌዝም። የመጸዳጃ ቤት ውሃ ሳጥን ሌት ተቀን ድምፅ ሳያሰማ ሊያፈስ ይችላል፣ ከሲሚንቶ ሥር የተቀበረ ቧንቧም እንደዚሁ። ግን ይህ ሊጣራ የሚችል ነገር ነው፤ እንደ መልስ ብቻ የሚወረወርበት ምክንያት አይገባንም። ውሃ ባለበት ሰዓት፣ ሮቶው ሞልቶ ተንሳፋፊው ከዘጋ በኋላ፣ የቤቱ ቧንቧ ሁሉ ይዘጋና ቆጣሪው ፊት ላይ ያለችው ትንሽ ኮከብ ትታያለች፤ በአንዳንዱ ቆጣሪ ላይ ሦስት ማዕዘን ናት። ከዞረች የሚፈስ አለ፤ ደንበኛው አንገቱን ደፍቶ ቧንቧ ሠሪ ይጥራ። ከቆመች ፍሳሽ የሚለው መልስ በዚያው ይቁም። ልኩን ለማወቅ ደግሞ ጀሪካን ይበቃል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን እስከ አፉ ከሞላ ከ20 በላይ ስለሚይዝ በሚዛን ይሁን፤ አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፣ ባዶ ክብደቱ ተቀንሶ 20 ኪሎ ላይ ምልክት ይደረግበታል። አሥር ጊዜ ሲሞላ 200 ሊትር ነው፤ ሊትሩን የሚያሳዩት ቀዮቹ ቁጥሮችም 200 መሄድ አለባቸው። አይኤስኦ 4064 የተባለው ዓለም አቀፍ መለኪያ ለተለመደው የቤት ቆጣሪ፣ አዲስ ሳለ፣ በመደበኛ ፍሰት የሚፈቅደው ስሕተት ከመቶ ሁለት ነው፤ በ200 ሊትር ላይ 4 ሊትር መሆኑ ነው። አገልግሎት ላይ ከርሟልና እጥፉን እንስጠው፣ 8 ይሁን። አሥረኛው ጀሪካን ሲሞላ ቆጣሪው 230 ካለ ግን የሚቀር ክርክር ያለ አይመስለንም። አንድ ሠራተኛ ይህን ሁሉ ከግማሽ ቀን ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል። ደንበኛው ከመስኮት መስኮት ሲመላለስ የሚያጠፋው ሦስት ሳምንት ነው፤ ውሃ ሲወቅጡ መዋል ማለት ይህ ነው።

የመጨረሻው መከላከያ የገንዘብ ነው፦ «ቅድሚያ ካላስከፈልን ሁሉም በዛብኝ እያለ ይቀራል፤ ቧንቧው በምን ይጠገናል?» ስጋቱ ይገባናል። መፍትሔው ግን አወዛጋቢውንና የማያወዛግበውን መለየት ነው። ደንበኛው የቀደሙትን ወራት አማካይ አሁኑኑ ይክፈል፣ የቀረው ቆጣሪው እስኪታይ ይቆይ፣ ያለ ንባብ የተጠራቀመው ውሃም በየወሩ ተካፍሎ በየወሩ ታሪፍ ይሰላ። ከዚህ የተረፈ ዕዳ ካለ በሙሉ ይሰብሰብ። አሁን እንዳለው ሙሉውን ከፍሎ ያመለከተ ሰው ግን አቤቱታው ተቀባይነት ሲያገኝ እንኳ ገንዘቡ አይመለስለትም፤ «ለሚቀጥለው ቢል ይታሰብልዎታል» ይባላል። የሚቀጥለው ቢል ደግሞ የሚጻፈው በግምት ነው።

ስለዚህ ጥያቄያችን አጭር ነው። በማኅተም የታሸገውን ዕቃ መክፈት ለእኛ አይፈቀድም፤ ክዳኑን አንሥቶ ቁጥሩን የሚያይ፣ ኮከቧን የሚመለከት፣ ያየውንም ቀንና ሰዓት ጽፎ ፊርማውን የሚያኖር አንድ ሠራተኛ ይላክልን። ሚዛኑንና ጀሪካኑን እኛ እናቀርባለን። ውሃ የሚመጣበት ቀን ይሁን እንጂ።