ሦስት ምስክሮች ላልተጠራ ችሎት

የአገራችን ሲቪ ምንም አይደብቅም። ጾታውን፣ የትውልድ ዘመኑን፣ የጋብቻውን ሁኔታ፣ መጽሐፍ ማንበብ እንደሚወድ ሳይቀር ተናግሮ ሲያበቃ የመጨረሻው ገጽ ግርጌ ላይ ሦስት የተከበሩ ሰዎችን ከነማዕረጋቸውና ከነሞባይል ቁጥራቸው ያሰልፋል። የጠራቸው የለም፤ እነሱ ግን ቀድመው ተገኝተዋል።

በአንድ አነስተኛ አስመጪ ድርጅት ተቀጥራ የምትሠራ፣ ባንክ ለመግባት የምትመኝ አንዲት የአካውንቲንግ ተመራቂ አለች እንበል። ሲቪዋን ኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ታስጽፋለች። ጸሐፊዋ ደግ ናት፤ ትናንት የጻፈችውን የሌላ ሰው ሲቪ ከፍታ ስሙን ትቀይርላታለች። አንዳንዴ ደግነቷ ይበዛና የትናንቱ ሰውዬ ምስክሮችም ሳይነኩ አብረው ይታተማሉ። ይህ ባይደርስ እንኳ የልጅቷ ምስክሮች ከወዲሁ የታወቁ ናቸው፦ በየዓመቱ ብዙ ተማሪ የሚያስመርቀው የትምህርት ክፍል ኃላፊ፣ አጎቷ መሆኑ ያልተጻፈ አንድ ሥራ አስኪያጅ፣ በመጨረሻም የአሁኑ አለቃዋ።

ከዚያ ሲቪው ይበተናል። በፖስታ ሣጥን፣ በኢሜይል፣ ባለቤቱ በማይታወቅ የቴሌግራም ቻናል ጭምር። 40 ቦታ ከተላከ የሦስቱ ሰዎች ቁጥር 120 ጊዜ ተሠራጨ ማለት ነው። አገሪቱ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አላት፤ ግን እንዲህ ያለ ልግስና ባለበት ቤት ስለ አዋጅ ማንሳት ነውር ነው።

ለምስክሮቹ ቦታ ለመልቀቅም ሌላው ነገር በትሕትና ገለል ይላል። ልጅቷ በየወሩ የተጨማሪ እሴት ታክስ እንደምታሳውቅ፣ የባንክ ሒሳብ እንደምታስታርቅ፣ ፒችትሪን በደንብ እንደምታውቅ የሚገልጹት መስመሮች አልበቃ ብሏቸው ቀርተዋል። የአጎቷ ሁለት ስልክ ቁጥሮች ግን በቅቷቸዋል።

የባንኩ የሰው ኃይል ክፍል ክምሩን ሲያጣራ የሚያየው የትምህርት ዝግጅትን፣ ውጤትንና የሥራ ልምድን ነው። ለእያንዳንዱ አመልካች ሦስት ሦስት ሰው እየደወለ የሚያጣራ የለም። ምስክር የሚፈለገው ፈተናና ቃለ መጠይቅ ታልፎ ጥቂት ሰዎች ሲቀሩ ነው። የሚገርመው ይህን ሥርዓት ሁሉም ሰው በሌላ ጉዳይ አሳምሮ ያውቀዋል። ገንዘብ ያዥ ሆኖ የሚቀጠር ሰው ዋስ አምጣ ይባላል፤ የሚባለው ግን ከተመረጠ በኋላ ነው። ያም ሆኖ የዋሱን ስምና የደመወዝ መጠን ሲቪው ላይ ጽፎ ከተማውን ያዞረ አመልካች እስካሁን አልታየም። ምን ነካው?

ትልቁ ድግስ ግን የአሁኑ አለቃ ዘንድ ነው። አንድ ቀጣሪ ገና ቃለ መጠይቅ ሳያደርግ፣ ምናልባትም ለማጣራት ብቻ፣ ስልክ አንሥቶ «ሠራተኛዎ እኛ ዘንድ አመልክታለች፤ ምን ዓይነት ልጅ ናት?» ይላል። አለቃው በዚያች ደቂቃ ሁለት ነገር ያውቃል፦ ልጅቷ ልትለቅ ነው፤ እሱም ሳይማከር ምስክር ሆኗል። አዲሱን ሥራ አላገኘችም፤ አሮጌው ቢሮ ውስጥ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታው ሁሉ ቀዝቅዟል።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ለዓመታት የተጠቀሙበት ፒ 11 የተባለው ቅጽ በዚህ ረገድ በጣም ጨዋታ አበላሽ ነው። ሦስት ምስክር ይጠይቃል፤ ግን ዘመድ ያልሆኑ ይላል፤ በሥራ ልምድ ውስጥ የተጠቀሱ አለቆችንም አትድገሙ ይላል። አጎትም አለቃም በአንድ መስመር ወደቁ። ይባስ ብሎ የአሁኑ አሠሪዎን ብንጠይቅ ተቃውሞ አለዎት ወይ ብሎ ፈቃድ ይለምናል። እንዲህ ያለ ቅጽ ወይም ማስታወቂያው ራሱ ምስክር ሲጠይቅ መጻፍ ግድ ነው፤ ሳይጠየቁ መጻፍ ነው ጥበቡ።

ከዚህ ሁሉ የራቀ፣ ምንም ክብር የሌለው አሠራርም አለ። ምስክሮቹ ለብቻው በተዘጋጀ አንድ ገጽ ይቀመጣሉ፦ ስም፣ የሥራ ኃላፊነት፣ ከአመልካቿ ጋር የት፣ መቼና በምን ሥራ እንደተዋወቁ፣ የፈቀዱት ስልክ። ሲቪው ላይ «ሲጠየቅ ይቀርባል» የሚል መስመር እንኳ አያስፈልግም፤ ቢጠየቅ እንደሚቀርብ ቀጣሪውም አያጣውም። እስከዚያው የልጅቷን ቃል የሚያስረዳው የሥራ ልምድ ደብዳቤ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ከቀድሞ ሥራ የወጣ ደብዳቤ ማንንም ከምሳ አያስነሣም።

ባንኩ ለመጨረሻ ዙር ጠርቶ ምስክር ሲል ገጹ ይላካል፤ ከመላኩ በፊት ግን ለትምህርት ክፍል ኃላፊው ይደወላል፤ የትኛው ዓመት ተመራቂ እንደሆነች፣ የመመረቂያ ጽሑፏ ስለምን እንደነበር፣ አሁን ያመለከተችው ለየትኛው የሥራ መደብ እንደሆነ ይነገረዋል። ይህ ሳይሆን የቀረ ዕለት ባንኩ ሲደውልለት ኃላፊው ስሟን ሁለቴ አስደግሞ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «አዎ፣ ጎበዝ ተማሪ ነበር» ብሎ ይመሰክርላታል።