ሲሪያሉ ይኸው፣ ደረሰኙ ይኸው

ስልክ መጠገን አልሰለቸኝም። የሰለቸኝ «ጋሼ፣ ኦርጅናል ነው አይደለም? ቁርጡን ንገረኝ» የሚለው ጥያቄ ነው። ሻጩ የካርቶኑን ቁጥር ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ላይ ይለጥፍና «መቶ ፐርሰንት ኦርጅናል፣ ቼክ ማድረግ ይቻላል» ብሎ ይጽፍበታል። ገዢው ቁጥሩን አስገብቶ የስልኩ ስም ሲወጣለት ነገሩ ያለቀለት ይመስለዋል። ከሳምንት በኋላ ተጣልተው እኔ ጋ ሲመጡ አንደኛው ሌባ ተብሏል፣ ሌላኛው ስም አጥፊ። እኔም ከሁለቱ ለአንዱ እንድፈርድለት ይጠበቅብኛል።

አይፎንን ልውሰድ፤ በየቀኑ የሚመጣብኝ እሱ ነው። checkcoverage.apple.com ላይ ሲሪያል ቁጥር ሲገባ ገጹ የሚናገረው ይህን ቁጥር የያዘ ዕቃ መሠራቱንና ዋስትናው የት እንደደረሰ ነው። እጃችን ላይ ያለው ዕቃ ያው ዕቃ ይሁን አይሁን ግን ገጹ አያውቅም። አስመስሎ የሚሠራ ሰው የአንድ እውነተኛ ዕቃ ቁጥር ካገኘ የፈለገውን ያህል ካርቶን ላይ ያትመዋል። ኤርፖድ ላይ ይህን ደጋግመን አይተናል፤ ማዳመጫው የውሸት፣ ቁጥሩ የእውነት። የሚያንገበግበኝ ደግሞ ቁጥሩን የሚያቀብሉት ራሳቸው ሐቀኛ ሻጮች መሆናቸው ነው። ለማስረጃ ብለው ሙሉውን ይለጥፉታል። የመጨረሻዎቹን አራት አምስት ፊደላት ሸፍኖ ሙሉውን ለመጣው ገዢ በአካል ማሳየት ምን ይከብዳል?

በቅርቡ አንድ ልጅ አይፎን 14 ይዞ መጣ። ሱቁ «ከአሜሪካ የመጣ፣ ፓክድ፣ አዲስ» ብሎ ነው የሸጠለት። ካርቶኑ የታሸገበትን ላስቲክ እንኳ ሳይጥል ይዞታል፤ ከነደረሰኙ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈው።

መጀመሪያ *#06# ደውለን የወጣውን አይኤምኢአይ ካርቶኑ ጀርባ ካለው ጋር አስተያየን። አሥራ አምስቱም አሃዝ አንድ ነው። ሲሪያሉንም ከ Settings፣ General፣ About ገብተን አየን፤ እሱም ይገጥማል። አፕ ስቶሩ ሲከፈት የራሱ የአፕል ነው፣ አካውንት ይቀበላል፣ የሶፍትዌር ማሻሻያም ያወርዳል። አንድሮይድ ላይ የአይፎን መልክ ተለጥፎበት ቢሆን እዚህ ላይ ይጋለጥ ነበር፤ አፕ ስቶሩን ስትነካ ጎግል ፕሌይ የሚከፍትልህ ዓይነት ብዙ አይቻለሁ። እስከዚህ ድረስ ስልኩ የአፕል ሥራ ነው ብዬ ለመናገር አልፈራም።

ችግሩ የመጣው ሻጩ ከነገረው ከሌላው ወሬ ነው። ስልኩ የሲም ማስገቢያ አለው። አፕል ከ2022 ጀምሮ ለአሜሪካ ገበያ የሠራው አይፎን 14 ደግሞ የሲም ማስገቢያ የለውም፤ በኢሲም ብቻ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ስልኩ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ አይደለም። በአሜሪካ በኩል የዞረ ሊሆን ይችላል፣ ያንን እኔ አላውቅም፤ ሻጩ የነገረው ግን ይህን አልነበረም።

ቀጥሎ ላስቲኩ። አፕል ከአይፎን 13 ጀምሮ ካርቶኑን በላስቲክ መጠቅለል ትቷል። አሁን ያለው ከካርቶኑ ጀርባ የሚቀደድ የወረቀት ማሸጊያ ነው። አይፎን 14 በላስቲክ ተጠቅልሎ ከመጣ ከፋብሪካው በኋላ ሌላ ሰው ጠቅልሎታል ማለት ነው። ይህ ብቻውን ውስጡ ያለው ስልክ ሐሰት ነው አያሰኝም። አንዳንድ ነጋዴ አቧራ እንዳይነካው ብሎም ይጠቀልላል። ግን ላስቲኩን እያሳዩ «አልተከፈተም» ማለት አይቻልም። የእኛ ሰው ግን «ፓክድ» የሚለውን ሲሰማ ሌላውን መጠየቅ ይተዋል፤ ማሸጊያ ማሽኑም ላስቲኩም በገበያ የሚገዛ መሆኑን ማንም አያስታውስም።

ዋስትናው ነው የገላለጠው። ያልተከፈተ አይፎን ቁጥሩ ሲገባ አብዛኛውን ጊዜ ገና ሥራ አለመጀመሩን ገጹ ይናገራል። የዚህኛው የአንድ ዓመት ዋስትና ግን ደረሰኙ ከመቆረጡ በፊት አልቋል። ቀኑ ተሳስቶ የሚመዘገብበት አጋጣሚ ስላለ አፕል የግዢ ማስረጃ ሲቀርብለት ያስተካክላል፤ ይህንንም ለልጁ ነገርኩት። ሆኖም ላስቲኩና የሲሙ ነገር ተደምረው ሲታዩ «አዲስ» የሚለውን አምኜ የምፈርምበት ምክንያት የለኝም።

ደረሰኙ የካሽ ሬጅስተር ነው፤ የሱቁ ስም፣ ቲን ቁጥሩ፣ ቀኑ፣ ዋጋው ሁሉ አለ። የዕቃው ዝርዝር ላይ ግን «ሞባይል 1» ብቻ ይላል። ሱቁ በዚያ ቀን በዚያ ዋጋ አንድ ሞባይል መሸጡን ያረጋግጣል። የትኛውን ሞባይል? ያንን ደረሰኙ አይናገርም። ነገ ልጁ ዕቃውን ልመልስ ብሎ «ከእኛ የገዛኸው ይህን አይደለም» ቢባል በምን ይከራከራል? በየሱቁ የምለፈልፈው እኮ ይህንን ነው። ዝርዝሩ ላይ ማስገባት ካልተቻለ አይኤምኢአዩን በዋስትና ወረቀቱ ላይ ጽፎ የደረሰኙን ቁጥር አጠገቡ አስፍሮ ማህተም ማድረግ የደቂቃ ሥራ ነው። አያደርጉትም። ገዢውም አይጠይቅም፤ ከጠየቀም «አታምነንም?» ይባላል።

በተቃራኒው የሚበደለው ሻጭ ደግሞ አለ፤ ለእሱም አዝናለሁ። ስልኩ ተበላሽቶ አፕል በዋስትና ሌላ ቀይሮ ይሰጠዋል። አዲሱ ስልክ የራሱ ሲሪያል አለው፤ ካርቶኑና ደረሰኙ ግን የአሮጌው ናቸው። ሊሸጠው ሲወጣ ቁጥሩ ስለማይገጥም ሌባ ይሉታል። About ላይ ያለው Model Number በ N ከጀመረ በምትክ የተሰጠ ስልክ እንደሆነ፣ በ F ከጀመረ ታድሶ የተሸጠ፣ በ M ከጀመረ በአዲስነት ለችርቻሮ የወጣ እንደሆነ የሙያው ሰው ያውቃል። N ያየ ገዢ የመቀየሪያውን ወረቀት ይጠይቅ፤ ሁለቱ ሲሪያሎች እዚያ ላይ ካሉ ነገሩ ይዘጋል። ይህን ሳያደርግ ሰውን መሳደብ ነውር ነው። በ M መጀመሩም ቢሆን ስልኩ ስንት እጅ እንደዞረ አይነግርም፤ የልጁ ስልክም በ M ነው የሚጀምረው።

ይህን ሁሉ ዘርዝሬ ስጨርስ ልጁ ምን አለኝ? «እሺ ጋሼ፣ ኦርጅናል ነው አይደለም?»

ወረቀት አውጥቼ ጻፍኩለት፦ «አይፎን 14። አይኤምኢአዩና ሲሪያሉ ከካርቶኑ ጋር ይገጥማል። የአፕልን አገልግሎቶች ይቀበላል። ዋስትናው ከሽያጩ ቀን በፊት አልቋል። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ አይደለም። ላስቲኩ የፋብሪካ አይደለም። ደረሰኙ ላይ የስልኩ ቁጥር የለም። ውስጡን ፈትቼ አላየሁም።» ሱቁ ራሱ እንዲህ ብሎ ጽፎ ቢሸጥ ልጁ ያገለገለ ስልክ ባገለገለ ስልክ ዋጋ ይገዛ ነበር። ለባለ ሱቁ ደውዬ ይህንኑ ብነግረው «እንዲህ ብዬ ከጻፍኩ ማን ይገዛኛል?» አለኝ። ልጁ ወረቀቱን ይዞ የዋጋውን ልዩነት ሊጠይቅ ሄዷል፤ ሱቁ እምቢ ካለ ለንግድ ቢሮ የሚያመለክትበት ማስረጃ ይኸው ወረቀትና ያ የስልኩ ቁጥር የሌለበት ደረሰኝ ነው።