ላልተገኛችሁ ጎረቤቶቻችን፦ የግቢያችን የውሃ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ይህን የምጽፈው እሑድ ከሰዓት ለቀራችሁት ነው። እውነቱን ለመናገር ደክሞኛል። ከስድስት ቤት የተገኘነው አራት ነን። የወሩ የውሃ ሒሳብ ሲከፋፈል ግን «ይሄ ሁሉ ከየት መጣ?» የሚለው ስድስቱም ቤት ነው። ስብሰባው ላይ ሁለት ሰዓት የተነጋገርነው ከየት እንደመጣ ነበር።

እንደምታውቁት ስድስታችንም የምንጠቀመው በአንድ ቆጣሪ ነው። የውሃ ታሪፍ ደግሞ እንደ አብዛኞቹ ከተሞች በእርከን ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሜትር ኪዩቦች በርካሽ ይታሰባሉ፣ ፍጆታው ሲጨምር የአንዱ ሜትር ኪዩብ ዋጋም አብሮ ይወጣል። ስድስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ሁላችንም ቆጣቢ ብንሆን እንኳ ላይኛው እርከን ላይ እንወድቃለን። በዚያ ላይ የሚፈስ ነገር ሲጨመርበት፣ የፈሰሰው ውሃ የሚታሰበው ከሁሉ በውዱ ዋጋ ነው። ከቆጣሪው ወዲህ ያለ ቧንቧ ቢበሳም ዕዳው የእኛ የደንበኞቹ ነው።

እስካሁን ስንጣላ የኖርነው በግምት ነበር። አንዱ «ልብስ አጣቢዋ ናት» ይላል፣ ሌላው «ተማሪዎቹ ናቸው»። አሁን ግን ለካነው። ማታ 3 ሰዓት ላይ የሁሉም ቤት ቧንቧ ተዘጋ፣ ሮቶው ሞልቶ ቆመ። ቆጣሪው ፊት ላይ ያለችው ትንሿ ኮከብ ግን መዞሯን አላቆመችም። ሁሉ ነገር ተዘግቶ እሷ ከዞረች አንድ ቦታ ውሃ ይወጣል ማለት ነው። ቀያዮቹን ቁጥሮች መዝግበን ጠዋት 12 ሰዓት ስናይ 90 ሊትር ሄዷል። በሰዓት 10 ሊትር፣ በቀን 240 ሊትር፣ ማለትም 12 ጀሪካን። በወር ከ7 ሜትር ኪዩብ በላይ ማንም ሳይጠጣው እየከፈልንበት ኖረናል።

ቀጥሎ ወደየቤቱ የሚገቡትን መዝጊያዎች በሙሉ ዘጋን። ኮከቧ አሁንም ዞረች። ስለዚህ ቀዳዳው ከቆጣሪው እስከ ቤቶቹ መዝጊያዎች ባለው በጋራው መስመር ላይ ነው። «የእነ እገሌ ቤት ነው» የሚለው ጭቅጭቅ እዚያ ላይ ማለቅ ነበረበት። ቧንቧ ሠራተኛው ሲቆፍር የድሮው የብረት ቧንቧ ከፕላስቲኩ ጋር የተገናኘበት ጥርስ ተበልቶ አገኘው። መስመሩ የተቀበረው ጥልቅ አይደለም፤ በየክረምቱ ጎርፉ ቀዩን አፈር ከላዩ እያነሳው ጋሪ ሲያልፍበት ይርገበገባል። ማገናኛው ተቀየረ፣ ቦዩም እንዲጠልቅ ተደረገ።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ውሃ ሲጠፋ መስመሩ ባዶ ይሆናል፣ በዚያው ቀዳዳ በኩልም ከውጭ ያለው ጭቃ ውሃ ወደ ውስጥ ይሳባል። ውሃው ሲመለስ መጀመሪያ የሚመጣውን ደፍርሶ ስታዩ ብዙዎቻችሁ ከዋናው መስመር የመጣ ነው ብላችሁ ነበር። ከእኛ ከራሳችን ቀዳዳም ሊመጣ ይችላል። ልጆቻችን የሚጠጡት ይህንን ነው፤ ለዚህ ነው ይህን ያህል የሚያንገበግበኝ።

የአሸንዳው ነገርም ተነስቷል። በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ በሚወርድበት በመቱ ተቀምጠን ውሃ በጠፋ ቁጥር ጀሪካን ይዘን መሯሯጣችን ያሳዝነኛል። የሰርቪስ ቤቶቹ ቆርቆሮ 50 ካሬ ሜትር ነው። 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ አንድ ሺህ ሊትር ያርፍበታል፤ የሚረጨው ተቀንሶ ወደ 800 ሊትር ይቀራል። የመጀመሪያው ዝናብ ቅጠሉንና የወፍ ኩሱን አጥቦ ይፍሰስ፣ ከዚያ የሚወርደው ለልብስና ለመጸዳጃ ይበቃል። የተሰነጠቀውን አሸንዳ ለመቀየር አራታችን ተስማምተናል። የሁለታችሁን ሐሳብ ሳንሰማ ገንዘብ መሰብሰብ ግን አልፈለግንም። መጋቢት ገብቶ ዝናቡ ጀምሯል፣ እኛ እናንተን እንጠብቃለን።

ወጪውን በተመለከተ፣ የጋራው መስመር ጥገና ለስድስት እኩል ይካፈላል። ደረሰኙ በበሩ ጀርባ ተለጥፏል። ከመዝጊያው ወዲያ በየቤቱ ያለ ብልሽት የየቤቱ ነው ተባብለናል።

ከጥገናው በኋላ በማግስቱ ሌሊት እንደገና ለካን። የቤቶቹ መዝጊያዎች ተዘግተው ኮከቧ ቆመች። አንድ በአንድ ስንከፍት ግን የመጨረሻው ቤት ላይ ዞረች፣ በሰዓት 2 ሊትር ያህል። ቤቱ ከቀሩት ሁለት ቤቶች አንዱ ነው፣ በሩም ተቆልፏል። የመጸዳጃው ተንሳፋፊ አልዘጋ ብሎ ይመስለናል፤ ታንኩ ውስጥ ሲንሿሿ ከውጭ ይሰማል። የዚያ ቤት መዝጊያ እስክትመለሱ ተዘግቷል። ስትመጡ ቁልፉን ለቧንቧ ሠራተኛው ስጡልን፣ ጎሚኒውን ብቻ ቢቀይረው ሳይበቃ አይቀርም።