የ11 ብር ከ50 ነገር

የባንክ ስቴትመንት መስመር በመስመር የሚያነብ ሰው ቤት ውስጥ አይወደድም። እኔ ግን አነባለሁ። ወር በመጣ ቁጥር መነጽሬን አድርጌ፣ እርሳስ ይዤ፣ ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ እያልኩ ስወርድ ባለቤቴ «ባንኩን ልትገዛው ነው እንዴ?» ትለኛለች። አልመልስላትም። እየደመርኩ ነዋ!

ትልልቁ ቁጥር አያስቸግርም። የቤት ኪራይ የት እንደገባ ማን ይጠፋዋል? ሰው የሚያሳብደው ትንሹ ነው። የሚያዝያ 2017 ስቴትመንቴ ላይ 11.50 የምትል ወጪ አገኘሁ። ቀኗ በፈረንጁ ኤፕሪል 21፣ አጠገቧ «CHG» የሚሉ ሦስት ፊደላትና መለያ ቁጥር፤ ሌላ ማብራሪያ የለም። ኤፕሪል 21 ደግሞ ሚያዝያ 13፣ ሰኞ፣ የፋሲካ ማግስት ነው። በፋሲካ ማግስት ከተቀመጥኩበት ሳልነሳ ምን አገልግሎት አገኘሁ?

እንዲህ ያለ ቁራጭ ብር ሲገጥመኝ መጀመሪያ ለ1.15 አካፍለዋለሁ። የአገልግሎት ክፍያ ላይ 15 በመቶ ቫት ስለሚታከል ክፍያና ቫት አንድ ላይ ከተቆረጡ ውጤቱ ድፍን ቁጥር ይወጣል። 11.50 ለ1.15 ሲካፈል 10 ነው። እንግዲህ 10 ብር ለባንኩ፣ 1.50 ለመንግሥት ሄዷል ማለት ነው። ዘዴው ሁልጊዜ አይሠራም፤ ወንድሜ 115 ብር ቢልክልኝም 100 ይወጣል። (ወንድሜ ግን ልኮ አያውቅም።)

ምን እንደሆነ ታወቀ፤ የምን እንደሆነ ግን አልታወቀም። እዚህ ላይ የሚያወጣው በ«FT» የሚጀምረው መለያ ቁጥር ነው። የኔ ባንክ ስቴትመንት ላይ ከ«FT» ቀጥሎ ያሉት ሁለት አኃዞች የፈረንጁ ዓመት ናቸው፤ የሚከተሉት ሦስቱ ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ ስንተኛው ቀን እንደሆነ ይናገራሉ። ክፍያውና ክፍያውን ያመጣው ዝውውር አንድ ዓይነት መለያ ይይዛሉ። የኔዋ በ«FT25109» ትጀምራለች። ጃንዋሪ 31፣ ፌብሩዋሪ 28፣ ማርች 31፤ ይህ 90 ነው። 19 ጨምሩበት፤ ኤፕሪል 19። ሚያዝያ 11። ቅዳሜ ስዑር!

በጉ ነው።

ያ በግ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። ሻጩ 16 ሺህ አለኝ፤ ላቱን ጨበጥኩ፣ ጥርሱን አየሁ፣ ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ እንደገና ሄድኩ። በመሐላና በምልጃ 14 ሺህ ላይ ቆምን። ጥሬ ብሩን ላወጣ ስል «የለም ጋሼ፣ በሞባይል አስገባልኝ» ብሎ የሌላ ባንክ ሂሳብ ቁጥር ነገረኝ። በጉን በአንድ እጄ ይዤ፣ በሌላው የሂሳብ ቁጥር ስጽፍ የበጉ ገመድ እግሬ ላይ ተጠመጠመ። 2 ሺህ ብር አስቀንሼ በድል ወደ ቤት ገባሁ። በጉ ከተበላ በኋላ ነው እንግዲህ ባንኩ 11.50 ቆርጦ የመረቀኝ።

ቅርንጫፉ ሄጄ ጠየቅሁ። «ጋሼ፣ ሲስተሙ ነው የሚቆርጠው» አለችኝ ልጅቷ፣ በጨዋ አነጋገር። እዚህ ላይ ቀልዱ አለቀብኝ። ሲስተሙን ገዝቶ ያስገባው ማን ነው? ታሪፉ ሕጋዊ ነው፤ 10 ብሩንም አልከለክልም። ነገር ግን የሰው ገንዘብ ሲወሰድ «ቅዳሜ ለላኩት 14 ሺህ ብር» ብሎ በአማርኛ አንድ መስመር መጻፍ ምን ያህል ይከብዳል? ሱቅ ሄጄ ሳሙና ብገዛ ባለሱቁ የምን እንደሆነ ሳይነግረኝ ከኪሴ 10 ብር ቢወስድ ሰፈሩ ይሰበሰባል። ባንክ ሲሆን ሦስት ፊደል ይበቃል! ያውም ማብራሪያውን በማኅተም ላትምልህ ሲሉ ለማተሚያውም ይቆርጣሉ።

ልጅቷ ግን ምን ታድርግ? አመስግኜ ወጣሁ፤ መንገድ ላይ ወለዴን አሰብኩ። የኔ ባንክ ወለድ የሚያስበው በወሩ ዝቅተኛ ቀሪ ላይ ነው። በጉ ከተገዛ በኋላ የቀረኝ 6 ሺህ ነበር። በዓመት 7 በመቶ ለ12 ወር ሲካፈል 35 ብር ይሆናል፤ የወለድ ግብር 5 በመቶ፣ 1.75 ሲነሳለት 33.25 ይቀራል። በዚያ ወር ሦስት ጊዜ ወደ ሌላ ባንክ ልኬያለሁ፤ ክፍያው 34.50። ስለዚህ ገንዘቤን ስላስቀመጥኩ ባንኩን 1.25 ከፍዬዋለሁ። ለካ በጉ ወለዴንም ግጦታል።

ይህን ለባለቤቴ በዝርዝር ሳስረዳት «ጥብሱ ግን ጥሩ ነበር» አለች። ጥሩ ነበር፤ አልክድም።

አሁን የቸገረኝ ከታች ያለው 2.30 ነው። ለ1.15 ሲካፈል ድፍን 2 ይወጣል፤ መለያ ቁጥር ግን የለውም። የአጭር መልእክት ነው እንዳልል፣ በዚያ ወር ስልኬ ላይ የገባው መልእክት «እንኳን አደረሳችሁ» የሚለው ብቻ ነው። እናንተም ስቴትመንታችሁን አውጡና እዩልኝ፤ 2.30 ያለበት ሰው ካለ የምን እንደሆነ ይንገረኝ።