የአህያዋ ዋጋ

መገናኛ ጫማ የሚሸጠው ወዳጃችን ባለፈው ክረምት እንጦጦ ዘመተ። ቡትስ ተጫምቶ በባሕር ዛፉ መሀል ከአንዲት አህያ ጋር ሽቅብ ሲሮጥ ተቀረጸና ቲክቶክ ላይ ለቀቀው። በሦስት ቀን 400 ሺህ ሰው አየለት። እንኳን ደስ ያለው! ብዙ ላይክ ያገኘው ኮሜንት «አህያዋ ስንት ናት?» የሚለው ነበር። ስለ ጫማው ለጠየቁት ጥቂቶች «ዋጋ በኢንቦክስ» ብሎ መለሰ፤ ዋጋ እንደ ንስሐ በጆሮ ነው የሚነገረው። በሳምንቱ ሦስት ጥንድ ሸጠ፤ በአራተኛው ቀን አገሩ ሌላ መሳቂያ አግኝቶ ነበርና።

ከቪዲዮው ሥር ዋጋውንና የቴሌግራም ቻናሉን ቢጽፍ ከዚያ ሁሉ ተመልካች ጥቂቱ አብሮት በቀረ። ይህ ግን የተራ ነጋዴ ሥራ ነው።

ቻናሉስ ቢሆን? ቴሌግራም ጨካኝ ነው፤ የቻናል ባለቤት በእጁ መጨመር የሚችለው የመጀመሪያዎቹን 200 ሰዎች ብቻ ነው፣ ሌላው ወድዶ ነው የሚመጣው። እስኪመጡ መጠበቅን ማን ይችለዋል? ወዳጃችን 20 ሺህ ሜምበር ገዛ። ምን ዋጋ አለው፣ ከየፖስቱ ግርጌ ያለችው ትንሽ ዓይን አሳጣችው፤ 90 ሰው አየው ትላለች። የቀረው ሕዝብ ጫማ የሚያጠልቅበት እግር የለውም።

ሾላ ገበያ በርበሬና ሽሮ የሚሸጡት እትዬ ግን አልሠለጠኑም። ቻናላቸው 640 ሰው ነው፤ የለጠፉትን 500ው ያየዋል። የኪሎ ዋጋና ዕቃ የሚደርስበት ቀን ከላይ ፒን ተደርጓል። ማክሰኞ ማታ ይለጥፋሉ፣ ያለቀውን «አልቋል» ይላሉ። ከቻናሉ ጋር ባያያዙት ግሩፕ ደንበኛ ለደንበኛ ይመልሳል፤ አንዷ «ለልጆች ያቃጥላል?» ስትል፣ ሌላዋ ከእሳቸው ቀድማ ትነግራታለች። አንድ ማክሰኞማ የሚሸጥ ነገር አልለጠፉም፤ «የዚህ ሳምንት ዛላ ቀለሙን አልወደድኩትም፣ አላስፈጭም» ብለው የገዛ ገበያቸውን ዘጉ። ምን ዓይነት ኪሳራ ነው! በቀጣዩ ሳምንት የተፈጨው ግን ሳይመዘን በትእዛዝ አለቀ።

ወፍጮው የተበላሸ ጊዜ ደግሞ ቀብድ የከፈለ ሁሉ ብሩን ይጠይቃል ብለን ጠበቅን። አንድም አልጠየቀ፤ እንዲያውም የኮተቤዋ ደንበኛ ሰፈሯ ያለውን ወፍጮ ጠቆመች። ቫይራል ያልሆነ ሰው እንዲህ በሰው ፊት ይዋረዳል።

ወዳጃችን ይህን ሲሰማ ከት ብሎ ሳቀና «640 ሰው ይዞ ንግድ!» አለ። አሁን እንጦጦ ነው፣ ለቀረጻ። ዘንድሮ በፍየል ነው አሉ።